ከደጅ የሰማሁት፣ በሩን ስከፍት ያየሁት
በሥራ ቦታ ለሚፈጸም ትንኮሳ የባልደረባ ምስክርነት አጻጻፍ፦ በግራና ለሠራተኞችና ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በሥራ ቦታ ትንኮሳ ሲፈጸም ብዙ ጊዜ እዚያ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዳንዴ ግን ሦስተኛ ሰው ይገኛል። ደረሰኝ ለማስፈረም የመጣች፣ ቁልፍ ረስታ የተመለሰች፣ በአጠገቡ ያለፈ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ነው። የተተነኮሰችው ሴት አቤቱታ ስታቀርብ ድርጅቱ ይህን ሰው ጠርቶ «ያየኸውን ጻፍ» ይለዋል። አንዳንዱ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ይሸሻል። ሌላው ደግሞ በንዴት ይነሣና ያየውንም፣ የሰማውንም፣ የጠረጠረውንም፣ መንደሩ የሚያወራውንም በአንድ ገጽ ይደፋዋል። እኔ በሙያዬ ያነበብኳቸው ብዙዎቹ ደካማ ቃሎች የዚህ የሁለተኛው ናቸው። የጻፉት ሐቀኞች ነበሩ፤ ውሸት የጻፈ ጥቂት ነው። ቃላቸው የወደቀው ከሚያውቁት በላይ ስለ ጻፉ ነው።

ሕጉ ከምስክሩ ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ትንኮሳን እንዴት እንደሚተረጉመው ማየት ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ለይቶ ያስቀምጣል። ሰው ሳይፈቅድ በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ እንዲገዛ ማግባባት ትንኮሳ ነው። በዚያ ላይ ኃይል መጠቀም ወይም ለመጠቀም መሞከር ሲጨመርበት ጥቃት ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እንግዲህ በጣም ትናንሽ ነገሮች ላይ ያርፋል፦ የተባለው ቃል ምን ነበር? እጁ የት ነበር? እሷ ወደ የት ሸሸች? እነዚህን የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። «ይህ ትንኮሳ ነው»፣ «ይህ ጥቃት ነው» ብሎ ስም የሚሰጠው ግን መርማሪው ወይም ዳኛው ነው። ምስክሩ ስሙን ብቻ ጽፎ ዝርዝሩን ከተወ፣ መርማሪው ውሳኔውን የሚያቆምበት መሬት ያጣል።

አሁን አንድ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንይ። ለዚህ ትምህርት ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፤ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። አትክልት ከገበሬ ገዝቶ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት አለ እንበል። ሚዛን ላይ የምትመዘግብ አንዲት ወጣት ገና በሙከራ ላይ ናት። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መጨረሻው ላይ ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለውን ሐሳብ የሚጽፈው ሥራ አስኪያጁ ነው። ምስክራችን ንብረት ክፍል የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። ዕለቱ ዓርብ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017፣ በፋሲካ ሳምንት ነው። ይህች ሴት የሽንኩርት ማውጫ ደረሰኝ ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች፤ አንድ ነገር ሰማች፤ በሩን ስትከፍትም አንድ ነገር አየች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቃሏን ስትጠየቅ በመጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነበር፦

«ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ ሴቶችን የሚያስቸግር ሰው ነው። በዚያ ቀንም ልጅቷን ቢሮው ጠርቶ ቤቴ ካልመጣሽ አባርርሻለሁ ብሎ አስፈራራት። ሊደፍራት ሲታገላት ደርሼ አስጣልኳት። ልጅቷ በፍርሃት ደንግጣ ስታለቅስ ነበር። ይህን ያደረገው እሱ መሆኑን ሁሉም ሠራተኛ ያውቃል።»

ይህን ያነበበ ሰው ያዝናል፤ ያምናትማል። ነገር ግን ከሥራ አስኪያጁ ጎን የተቀመጠ ጠበቃ አንድ በአንድ ሲጠይቃት እንስማው። «ሁልጊዜ» ስትዪ ስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ ቀናት፣ እነማንን? እሷ በዓይኗ ያየችው አንዱን ቀን ብቻ ነው። «ቢሮው ጠርቶ» ብለሻል፤ ሲጠራት ሰምተሻል? አልሰማችም። «ቤቴ» ብሎ ነበር? እዚህ ላይ ምስክሯ ቆም ብላ ስታስብ የሰማችው «ማታ ካልመጣሽ» የሚለውን ብቻ ነው፤ «ቤቴ» የሚለውን የሞላችው ራሷ ናት። «አባርርሻለሁ» አለ? አላለም፤ «አልፈርምም» ነው ያለው። «ሊደፍራት ሲታገል» አይተሻል? ያየችው እጇን ይዞ ነው። «አስጣልኳት» ብለሻል፤ እንዴት? እሷ በሩን ከፈተች፤ እሱ እጇን ለቀቀ። «ሁሉም ሠራተኛ ያውቃል» ካልሽ ስንቱን ጠየቅሽ?

በዚህ መንገድ ከአምስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራቱ ይፈርሳሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ እውነተኛው ነገር፣ ማለትም «አልፈርምም» የሚለው ቃልና የተያዘችው እጅ፣ ከተጋነነው ጋር አብሮ መውደቁ ነው። «ቤቴ» የሚለው ቃል ከራሷ የመጣ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የእጁንም ነገር አጋንና ይሆናል ብሎ ሰሚው ይጠረጥራል።

ይህችው ሴት ያየችውንና የሰማችውን ብቻ ብትጽፍ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«በድርጅቱ ንብረት ክፍል ከ2012 ጀምሮ እሠራለሁ። ዓርብ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ የሽንኩርት ማውጫ ደረሰኝ ለማስፈረም ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። ሰዓቱን የማውቀው ከመሄዴ ጥቂት ቀደም ብሎ የመኪናው ሹፌር ስለ ደወለልኝ ነው፤ ስልኬ ላይ 1:04 PM ይላል። ጫኞቹ ለጁምዓ ሰላት ሄደው ስለ ነበር በግቢው ውስጥ ያየሁት ዘበኛውን ብቻ ነው።

በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ነበር። ሳልገባ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ያለው ቃል በቃል ይህ ነው፦ ‹የሙከራ ጊዜሽ ወረቀት እዚህ ነው። ማታ ካልመጣሽ አልፈርምም።› ከዚህ በፊት የተባለ ነገር ካለ አልሰማሁም። ወዴት ነይ እንዳላት አልሰማሁም። ድምፁ የሥራ አስኪያጁ መሆኑን የለየሁት አምስት ዓመት አብሬው ስለ ሠራሁ ነው።

በሩን ገፍቼ ስገባ በክፍሉ ውስጥ የነበሩት እሱና ሚዛን መዝጋቢዋ ብቻ ናቸው። እሱ ከጠረጴዛው ወዲህ፣ እሷ ባለችበት በኩል ቆሟል። በቀኝ እጁ የግራ እጇን ከአንጓው ላይ ይዟል። የእሷ ጀርባ የፋይል ቁም ሣጥኑን ነክቷል። ‹ይልቀቁኝ› ስትል ሰማሁ። እኔን ሲያይ ለቀቃት። እሷ በአጠገቤ አልፋ ወጣች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እሱ ‹ምን ፈለግሽ?› አለኝ። ደረሰኙን ሰጠሁት፤ ፈርሞ መለሰልኝ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እጇን መቼ እንደ ያዘና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ያዘ አላየሁም።»

ሁለቱን ቃሎች አስተያዩ። ሁለተኛው ስለ ሰውዬው ጠባይ አንድም ቃል የለውም፤ «ደፋር» አይልም፤ «ባለጌ» አይልም። ሰሚው ግን ምን እንደ ተፈጸመ ከራሱ አእምሮ ያወጣዋል። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ወንድ ካልነበረ ድምፁ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ጀርባዋ ቁም ሣጥኑን ከነካ የምታፈገፍግበት ቦታ አልነበራትም ማለት ነው። እሷን የያዛት ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጦ ሳይሆን ወዲህ ተሻግሮ ነው። የጻፈችው ሴት መደምደሚያ አልሰጠችም፤ መደምደሚያው የሚቆምባቸውን ነገሮች ግን አንድም አላስቀረችም።

«ይልቀቁኝ» በሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። እንደ እውነቱ ከሆነ ቃሉን የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ልቀቀኝ» ብሎ ሊያስተካክለው ይፈልጋል። በግድ የተያዘች ሴት አንቱ ትላለች ብሎ ማን ይገምታል? እሷ ግን አለቃዋን ሁልጊዜ አንቱ ነው የምትለው፤ በዚያች ደቂቃም አልለወጠችውም። ይህች አንዲት ቃል እሱ በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን ከብዙ ገለጻ በላይ ታሳያለች። ደግሞም ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ፈጥሮ አይጽፍም። ስለዚህ የተባለውን እንደ ተባለ ጻፉት። አንተ ከተባለ አንተ፣ ስድብ ከሆነም ስድቡን፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ከተነገረም በተነገረበት ቋንቋ። ቃል በቃል የማታስታውሱትን ግን በጥቅስ ውስጥ አታስገቡ፤ «ሐሳቡ እንዲህ የሚል ነበር፤ ቃሉን በትክክል አላስታውስም» ብላችሁ ለዩት።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ቃሎች የሚበላሹበት ዋና ቦታ ይህ ነው። እኛ ከቀኑ 7 ሰዓት የምንለውን ስልኩ 1 ሰዓት ይለዋል። እኛ ሚያዝያ 17 የምንለውን ስልኩ Apr 25 ብሎ ያስቀምጠዋል። ልጅቷ ከሥራ አስኪያጁ የደረሳትን መልእክት ፎቶ አንሥታ ከአቤቱታዋ ጋር ብታያይዝ፣ የምስክሯ ወረቀት «7 ሰዓት» ሲል የስልኩ ገጽ «1:20 PM» ይላል። ይህን የማያስተውል መርማሪ ስድስት ሰዓት ልዩነት አገኘሁ ብሎ ይጽፋል፤ የሚያስተውል ተከራካሪ ደግሞ ዝም ብሎ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የእኛን ሰዓት ጻፉ፤ ከስልክ ያገኛችሁትን ደግሞ ስልኩ እንዳለው አስቀምጡና «በስልኩ አቆጣጠር» ብላችሁ ለዩት። ቀኑንም ከምታውቁት ነገር ጋር እሰሩት። የእኛ ሰው ቀንን የሚያስታውሰው በጁምዓው፣ በሚካኤሉ፣ በገበያው ነው፤ ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው። «የፋሲካ ሳምንት ዓርብ፣ ጫኞቹ ሰላት የሄዱበት ጊዜ» የሚለው ቃል ለብቻው ከተጻፈ ቁጥር ይልቅ ይታመናል፤ ማንም አጣርቶ ሊያረጋግጠው ስለሚችል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ገደማ» በሉ። «ገደማ» ማለት ቃሉን አያደክመውም፤ በግምት የተጻፈ ትክክለኛ መሳይ ደቂቃ ነው የሚያደክመው።

አሁን ደግሞ ምስክሯ ከቢሮው ከወጣች በኋላ የሆነውን እንመልከት። ከመጋዘኑ ጀርባ ልጅቷን አገኘቻት። ልጅቷም «እትዬ፣ ይኸው ሦስተኛ ጊዜው ነው» አለቻት። ይህ የት ይግባ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና «ሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ተንኩሷታል» ብሎ ይጽፋል። ምስክሯ ሦስት ጊዜ አላየችም፤ የሰማችው ልጅቷ ሦስት ጊዜ መሆኑን ስትናገር ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ በተለየ አንቀጽ እንዲህ ነው፦ «ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘኋት። እያለቀሰች ‹እትዬ፣ ይኸው ሦስተኛ ጊዜው ነው› አለችኝ። ስለ ቀደሙት ሁለት ጊዜያት ከእሷ ከሰማሁት በቀር የማውቀው የለም።»

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ምስክር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ነገር እንዲጠየቅ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው የተሰማ ነገር ይጣል አይባልም። ነገር ግን ከማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደ ተሰማ ካልተጻፈ ማንም ክብደት አይሰጠውም። ልጅቷ በዚያችው ሰዓት፣ እያለቀሰች፣ ለአንዲት ባልደረባዋ መናገሯ ራሱ ምስክሯ ያየችውና የሰማችው ነገር ነው። በኋላ ሥራ አስኪያጁ «ከሥራ ስትባረር የፈጠረችው ነው» ቢል፣ ከመባረሯ በፊት መናገሯን የሚያሳየው ይህ አንቀጽ ነው።

ሌሎች ሴቶች የነገሯችሁ ነገርስ? እነሱን በእናንተ ቃል ውስጥ አትጻፉ። እያንዳንዷ የራሷ ቀን፣ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ቃል አላት። ፈቃደኛ ከሆነች ራሷ ትጻፍ። ካልፈቀደች ደግሞ ስሟን በወረቀት ላይ ማስፈር እሷን ያላሰበችው አደጋ ውስጥ መጣል ነው፤ ግራና ትንሽ ከተማ ናት፤ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። እኛ ቡና ላይ እንነጋገራለን። ነገሩ በተፈጸመ ማግሥት ሴቶቹ ቡና ሲጠጡ፣ አቦሉ ላይ አንዷ ያየችውን ትናገራለች፤ ቶናው ላይ ሌላዋ የሰማችውን ትጨምራለች፤ በረካው ሲደርስ ማን ምን እንዳየ መለየት ያስቸግራል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ የሰው ትዝታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ውጤቱ ግን በወረቀት ላይ ይታያል። ሁለት ምስክሮች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሲጽፉ መርማሪው ተማክረው ነው ይላል። አንዷ ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ሌላዋ በኮሪደሩ ስለ ሮጠው እግር ብትጽፍና በአንድ ትንሽ ነገር ላይ እንኳ ባይስማሙ፣ እውነተኛ ምስክርነት የሚመስለው ያ ነው። ስለዚህ ከቡናው በፊት ጻፉ። ያን ዕለት ማታ በደብተር ወይም በስልክ ላይ፣ ቀን አድርጋችሁ፣ ለራሳችሁ። ምሳሌያችን ውስጥ ያለችው ሴት ሦስት ሳምንት ሳትጽፍ ባትቆይ ኖሮ «ቤቴ» የሚለው ቃል ባልገባ ነበር።

ምስክሩ ሊደብቀው የሚፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ከተከሰሰው ሰው ጋር የነበረው ጠብ። በምሳሌያችን ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ዓመት በዕቃ ቆጠራ ጉድለት ለዚህች ሴት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷት ነበር እንበል። ይህ በግል ማኅደሯ ውስጥ አለ፤ እሱ እንደሚያወጣውም አያጠራጥርም። እሱ ካወጣው የበቀል ምስክር ትሆናለች። እሷ ራሷ በመጨረሻው አንቀጽ «በ2016 በቆጠራ ጉድለት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል፤ ማስጠንቀቂያውን ተቀብዬ ሥራዬን ቀጥያለሁ» ብላ ብትጽፈው ግን ሊያወጣው የሚችለው አዲስ ነገር አይኖርም። ለልጅቷ የማይጠቅም የሚመስለውንም ነገር ካያችሁት ጻፉ። በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ ለሥራ አስኪያጁ ሰላምታ ስትሰጥ አይታ ከሆነ ምስክሯ ይህንንም ትጻፍ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ሠራተኛ አለቃዋን ሰላም ማለቷ ምን ማለት እንደ ሆነ መርማሪው ይመዝነው።

አንዳንዶቻችሁ «ስሜን ሳልጽፍ ልናገር አልችልም?» ብላችሁ ታስባላችሁ። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው አውጫጭ ላይ ወሬውን በምሥጢር የሚያደርስ ሰው ነበር፤ ወፍ ይባል ነበር። ስም የሌለው ጥቆማ በር ሊከፍት ይችላል። በአዲስ አበባ የሆነውን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ውስጥ በሴት ሠራተኞች ላይ ስለሚፈጸም በደል ስም ያልሰፈረበት ጽሑፍ ወጣና በጋዜጦች ተዘገበ። በወቅቱ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሐማት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው 88 ሰዎችን አነጋገረ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የወጣው መግለጫም ወሲባዊ ትንኮሳ መኖሩንና ይበልጥ የተጋለጡት በአጭር ጊዜ ውል የሚሠሩ፣ በጎ ፈቃደኞችና ተለማማጆች መሆናቸውን አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ስም የሌለው ጽሑፍ ምርመራውን አስጀመረ፤ ኮሚቴውን ወደ መደምደሚያው ያደረሰው ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ የተናገረው ሰው ነው። በአንድ ሰው ላይ የእርምጃ ውሳኔ ለመስጠትማ ስምና ፊርማ ያለው ቃል ያስፈልጋል፤ ተከሳሹ ሊጠይቀው የማይችለው ምስክር በቀላሉ ይፈርሳል።

ታዲያ የፈረመ ሰው ምን ይጠብቀዋል? እዚህ ላይ ያልሆነ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈልግም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሠራው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ነው፤ የቢሮ ትንኮሳ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። የሚጠቅማችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በፍርድ ወይም በሌላ ክርክር ተካፋይ መሆኑ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አንቀጽ 26 ይደነግጋል። ይህ ማለት አትባረሩም ማለት አይደለም፤ ብትባረሩ ለሥራ ክርክር ችሎት የምታቀርቡት የሕግ መሠረት አላችሁ ማለት ነው። ለዚህም ቃላችሁን የሰጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ በእጃችሁ መኖር አለበት። አስረክባችሁ ብቻ አትምጡ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን ይጻፍበት።

በሌላ በኩል የምስክርነት ቃል ጨዋታ አይደለም። ፖሊስ ምስክር ሲጠይቅ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለ፤ የተነገረውም በጽሑፍ ይሰፍራል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ያ ወረቀት ተመልሶ ይመጣል፤ በችሎት የምትናገሩት ከወረቀቱ ከተለየ ልዩነቱን አንሥተው ይጠይቋችኋል። ፍርድ ቤት ቀርቦ በሐሰት መመስከር ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ያየውን ብቻ የጻፈ ሰው ግን ከዓመት በኋላ በመርሳም ይሁን በወልድያ ችሎት ፊት ሲቆም የሚያስታውሰው ያንኑ ነው። የተጋነነ ቃል የሰጠ ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ ያየውንና የጻፈውን። በመካከላቸው ይሰናከላል።

ሽምግልናን ሳላነሣ አላልፍም። ቃሉ እንደ ተሰጠ ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ «ልጅቷም ታርቃለች፤ አንቺም ቃልሽን አንሺ» ይባላል። ባለጉዳዮቹ ቢታረቁ የእነሱ ጉዳይ ነው። ምስክሩ ግን የሚታረቀው ነገር የለውም፤ ያየው አንዴ ታይቷል። ቃላችሁ ላይ እውነተኛ ስሕተት አግኝታችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀኑ ሐሙስ እንጂ ዓርብ አለመሆኑን ካስታወሳችሁ፣ የመጀመሪያውን አትቅደዱ፤ አትደልዙ። በአዲስ ወረቀት፣ በአዲስ ቀን፣ «በዚህ ቀን በሰጠሁት ቃል ላይ ይህን አስተካክላለሁ፤ ያስታወስኩትም በዚህ ምክንያት ነው» ብላችሁ ጨምሩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ገና ስትጽፉ የተሳሳታችሁትን ቃል ግን በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ጎኑ ላይ ፈርሙ። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በታች ባዶ ቦታ ከቀረ መስመር አስምሩበት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ፈርሙ። ማንም ሰው የእናንተ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር እንዳይጨምርበት ነው።

የመጨረሻው ነገር ለጸሐፊዎች ነው። ከምስክሮቻችን ብዙዎቹ ጫኞች፣ ዘበኞች፣ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ቃላቸውን የሚጽፍላቸው ልጃቸው፣ የቢሮው ጸሐፊ ወይም በፍርድ ቤት አካባቢ ያለ ራፖር ጸሐፊ ነው። ራፖር ጸሐፊው ቋንቋ ያውቃል፤ ስለዚህ «እጇን ይዞ አየሁ» የሚለውን «በኃይል እየጎተተ ክብሯን ሲደፍር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያደርገዋል። ዘበኛው አውራ ጣቱን ያትምበታል። ችሎት ቀርቦ ሲጠየቅ ግን «እጇን ይዞ አየሁ» ይላል፤ ወረቀቱ ሌላ ይላል፤ ውሸታም የሚባለው ያላነበበው ሰው ነው። እባካችሁ፣ ለሌላ ሰው ቃል የምትጽፉ ሁሉ፣ የነገራችሁን በነገራችሁ ቃል ጻፉለት። ስትጨርሱም ከማስፈረማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡለት፤ «ይህን አላልኩም» ካለ አስተካክሉለት። የምትፈርሙትም ሰዎች «ተነብቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈረምኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት በእርግጥ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ።